ሽያጩ ለቀነሰበት ሠራተኛ የሚዘጋጅ የሥራ ማሻሻያ ዕቅድ
(ለነጋዴዎችና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በየንግድ ቤቱና በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚያጋጥም ነው። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ያነሰ ሲሸጥ አሠሪው ምን ማድረግ ይገባዋል? በዚህ በጠረፍ አገር ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገዳሪፍ ባለው መስመር ላይ የምናየው ልማድ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ አሠሪ ወሩ እንዳለቀ ሠራተኛውን ያሰናብታል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ እያዘነበትና እያማው ዓመቱን ያሳልፍና አዝመራው ሲያልፍ በድንገት ይቆጣል። በመጀመሪያው መንገድ ቤቱ ሰውየውን ለማስተማር ያወጣውን ሁሉ ያጣል፤ በሁለተኛውም የወቅቱን ገበያ ያጣል። ሠራተኛው ግን በሁለቱም መንገድ ጉድለቱ ምን እንደ ነበረ ሳያውቅ ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ በጽሑፍ የሚዘጋጅ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ በቁጥር የሚለካና አሠሪው ራሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ከነቀኑ የሚዘረዝር የሥራ ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ይህን ዕቅድ እንዴት እንደሚያዘጋጁት ለማስረዳት አንድ የንግድ ቤት በምሳሌ አቆማለሁ። ቤቱም ሰዎቹም ለማስረጃ የታሰቡ ናቸው እንጂ የማንንም ጉዳይ የሚያነሡ አይደሉም፤ ሥራው ግን በአካባቢያችን የምናውቀው ነው።

ቤቱ በመተማ ዮሐንስ ይገኛል እንበል። በክረምት ለሰሊጥ እርሻዎች ፀረ አረም መድኃኒትና መርጫ ይሸጣል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ደግሞ ማጭድ፣ ነዶ የሚወቃበት ሸራና ጆንያ ያቀርባል። ሦስት የሽያጭ ሠራተኞች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸውም የሚያዳርሷቸው እርሻዎች ተለይተው ተሰጥተዋቸዋል። ከሦስቱ የአንዱ ሽያጭ በሐምሌና በነሐሴ ከሌሎቹ ሲሶ እንኳ አልሞላም። የቤቱ ኀላፊም «ይህ ሰው ሰነፍ ነው» የሚል አሳብ አድሮበታል።

ከዕቅዱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ጉድለቱ በእውነት የሠራተኛው መሆን አለመሆኑ ነው። ይህን ለማወቅ የነሐሴን ሽያጭ ከሰኔ ሽያጭ ጋር ማስተያየት አይጠቅምም። ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት የሚታጨድ በመሆኑ የእያንዳንዱ ዕቃ ገበያ ከእርሻው ሥራ ጋር ይወጣል፤ ይወርዳልም። ጆንያ በሐምሌ አለመሸጡ የማንም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ማስተያየት የሚገባን የዘንድሮውን ነሐሴ ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጋር፣ የአንዱንም ሠራተኛ ውጤት በዚያው ወር ከባልደረቦቹ ውጤት ጋር ነው። የሦስቱም ሽያጭ አብሮ ወድቆ ከሆነ ነገሩ የገበያው ነው። የአንዱ ብቻ ወድቆ ከሆነ ግን የተሰጡት እርሻዎች ከሌሎቹ ጋር የሚመዛዘኑ መሆናቸው በሄክታር ይቈጠር። በምሳሌያችን እርሻዎቹ ተመዛዝነው ተገኙ እንበል፤ እንግዲህ ጉድለት አለ ማለት ነው።

ቢሆንም ጉድለት መኖሩን ማወቅ ጉድለቱ የት እንዳለ ማወቅ አይደለም። ሽያጭ አንድ ሥራ መስሎ ቢታይም በደረጃ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ሠራተኛው ደንበኛውን ይጎበኛል፤ ቀጥሎ ዋጋ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ከዚያ ስምምነት ይደረጋል፤ በመጨረሻም ገንዘቡ ይሰበሰባል። የቤቱ ኀላፊ መዝገቡን ገልጦ እያንዳንዱን ደረጃ ቢቈጥር የሚከተለውን ያገኛል። ሁለቱ ባልደረቦች በወር በመካከለኛ ቁጥር 40 ጉብኝት አድርገው፣ 20 ጊዜ ዋጋ አቅርበው፣ 10 ሽያጭ ፈጽመዋል። የእኛ ሰው ግን 38 ጉብኝት አድርጎ፣ 9 ጊዜ ዋጋ አቅርቦ፣ 3 ሽያጭ ብቻ ፈጽሟል።

እነሆ፣ «ሰነፍ ነው» የሚለው አሳብ በዚህ ላይ ይወድቃል። በክረምት ጭቃ 38 ጊዜ ወጥቶ የሄደ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሥራው የሚሰበረው ከጉብኝቱ በኋላ ነው። ባልደረቦቹ ከሁለት ጉብኝት አንዱን ወደ ዋጋ ማቅረብ ሲያደርሱ እርሱ የሚያደርሰው ከአራት አንዱን ብቻ ነው። ለዚህ ሰው «ጉብኝትህን አብዛ» የሚል ዕቅድ ቢሰጠው ድካሙን ይጨምርበታል እንጂ ሽያጩን አይጨምርለትም። ብዙዎቹ ዕቅዶች ከመጀመሪያው የሚበላሹት በዚሁ ስፍራ ነው፤ የተሰበረው አንድ ደረጃ ሳለ ሌላውን ይጠግናሉና።

ምክንያቱን ለማግኘት ኀላፊው ከሠራተኛው ጋር ሁለት ቀን አብሮ ይውጣ፤ በመንገድም ብዙ አይናገር፣ ይመልከት እንጂ። በምሳሌያችን ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው፣ ሠራተኛው እርሻው ላይ ሲደርስ የሚነጋገረው ከሠራተኞቹ ካቦ ጋር ነው። ካቦው በአክብሮት ይቀበለዋል፣ ሻይም ያጠጣዋል፤ ነገር ግን የመግዛት ሥልጣን የለውም። ገንዘቡን የሚያወጣው ባለእርሻ በከተማ ይቀመጣል። ይህ የሠራተኛው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ከመዝገቡ የተገኘ ነው። በሁለቱ ወር ካቀረባቸው 18 ዋጋዎች 12ቱ ሳይሸጡ ቀርተዋል። ከ12ቱም 7ቱ የቀሩት ደንበኛው ጥቂት ቅናሽ ጠይቆ ሠራተኛው ጎንደር ከሚገኘው ዋና ቤት ፈቃድ እስኪያገኝ ሁለት ቀን በማለፉ ነው። ባለእርሻው አረሙ እያደገበት ሁለት ቀን አይጠብቅምና ከሌላ ገዝቷል። ባልደረቦቹ ግን ብዙ ዓመት በመቈየታቸው ዋናውን ኀላፊ በስልክ አግኝተው በዚያው ሰዓት ፈቃድ ይቀበላሉ። ይህ ደግሞ የቤቱ ጉድለት ነው። ሠራተኛው ባልተሰጠው ሥልጣን ይመዘን ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታወቅ ኀላፊው ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ ያነጋግረዋል። አነጋገሩ ከሰውየው ጠባይ ላይ ሳይሆን ከተቈጠረው ሥራ ላይ ይጀምር። «አንተ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርህም» ቢለው ሠራተኛው ራሱን ከመከላከል በቀር የሚመልሰው የለውም። «አቶ እገሌ፣ በሐምሌና በነሐሴ 76 ጊዜ ጎብኝተው 18 ጊዜ ዋጋ አቀረቡ፤ በቀሩት 58 ጉብኝቶች ምን አጋጠመዎት?» ቢለው ግን የሚመልሰው እውነተኛ ነገር አለው። ምናልባትም ኀላፊው ያላየውን ሦስተኛ ምክንያት ይነግረዋል። መልሱም በዕቅዱ ላይ በራሱ ቃል ይጻፍለት።

አሁን ወደ ግቡ እንመጣለን። ለጥሩ ግብ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በሠራተኛው እጅ ያለ ሥራ መሆን፣ ቁጥሩ ከታወቀ ስፍራ መምጣትና በደረጃ ከፍ ማለት ናቸው። «ሽያጭህን አሻሽል» የሚለው ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው። «በዚህ ወር 500,000 ብር ሽጥ» የሚለውም ቁጥር ቢኖረውም ብቻውን ጥሩ ግብ አይሆንም፤ የሰሊጥ ዋጋ ቢወድቅ ባለእርሻዎቹ ሁሉ መግዛት ያቆማሉና ሠራተኛው በጸሐይና በዝናብ ተጠያቂ ይሆናል።

ዕቅዱ መስከረም 6 ቀን ተጀምሮ ኅዳር 29 ቀን ያበቃል እንበል፤ 12 ሳምንት ነው፣ በሦስት ክፍል እየተከፈለም በየአራት ሳምንቱ ይመዘናል። ይህ ጊዜ የተመረጠው የሸራና የጆንያ ገበያ የሚቆምበት ስለሆነ ነው። ይኸው ዕቅድ ገበያ በሌለበት በመጋቢት ቢጀመር ሠራተኛውን ለመውደቅ ያዘጋጀው በሆነ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት የሁለቱ ባልደረቦች መካከለኛ ውጤት በአራት ሳምንት 20 ዋጋ ማቅረብና 9 ሽያጭ እንደ ነበረ መዝገቡ ያሳያል። እንግዲህ ለሠራተኛው የመጀመሪያው አራት ሳምንት ግብ 13 ዋጋ ማቅረብና 4 ሽያጭ፣ የሁለተኛው 16 ዋጋና 6 ሽያጭ፣ የሦስተኛው 18 ዋጋና 8 ሽያጭ ይሁን። የመጨረሻው ቁጥር ከባልደረቦቹ በጥቂት ያነሰ ነው። ከሁሉ የበለጠውን ሻጭ ቁጥር ለደከመው ሰው ግብ ማድረግ አይገባም።

ሦስተኛ ግብ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የገንዘቡ መሰብሰብ ነው። በእኛ አገር ባለእርሻ ሰሊጡን እስኪሸጥ ድረስ ዕቃ በዱቤ መውሰድ የተለመደ ነው። ሠራተኛው በሽያጭ ብዛት ብቻ የሚመዘን ከሆነ ለማይከፍል ሰው ሁሉ በዱቤ እየሰጠ ግቡን ሊሞላ ይችላል፤ ቤቱም ዕዳውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በውሉ ቀን መከፈል ከሚገባው 100 ብር ቢያንስ 80 ብሩ በቀኑ መሰብሰብ አለበት የሚል ግብ ይጨመር። ከእነዚህ ከሦስቱ በላይ ግብ አያስፈልግም። በአሥር ነገር የሚመዘን ሰው የቱን እንደሚያስቀድም አያውቅም።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ የሚቈጠረው በቀንጣር ሲሆን አንዱ ቀንጣር ወደ 45 ኪሎ ይሆናል፤ በእኛ በኩል ግን በኩንታል፣ በ100 ኪሎ ነው። በሁለቱም ወገን የሠራ ሰው በማስታወሻው አንዱን ከሌላው ጋር ሊቀላቅል ይችላል። 800 ኩንታል ሰሊጥ ወደ 1,780 ቀንጣር ነው፤ ይህን ቁጥር በኩንታል የሚያነብ ሰው የሚያስፈልገውን ጆንያ ከእጥፍ በላይ አድርጎ ያዛል። ስለዚህ ዕቅዱም የሳምንቱ መዝገብም በአንድ መለኪያ ብቻ ይጻፍ።

ከግቡ ቀጥሎ ድጋፉ ነው። በብዙ ዕቅዶች ላይ ድጋፉ «አስፈላጊው እርዳታ ይደረግለታል» በሚል አንድ መስመር ያልፋል። ይህ ድጋፍ አይደለም። እውነተኛ ድጋፍ የሚሰጠው ሰው ማዕረግ፣ የሚሰጥበት ቀንና የሚያስወጣው ወጪ የተጻፈበት ነው። በምሳሌያችን ሦስት ድጋፎች ይሰጡ።

የመጀመሪያው የዋጋ ሥልጣን ነው። ሠራተኛው ሳይጠይቅ ከ100 ብር እስከ 3 ብር ድረስ መቀነስ እንዲችል ዋናው ቤት እስከ መስከረም 6 ቀን ድረስ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደብዳቤው ባልደረቦቹም በልማድ የነበራቸውን ፈቃድ በግልጽ ያደርገዋልና ለሦስቱም ይሰጥ።

ሁለተኛው አብሮ መውጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባልደረቦቹ አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ኀላፊው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቀን አብረውት ይውላሉ። ባልደረባው በእነዚህ ቀኖች የራሱን ሽያጭ ስለሚያጣ ኮሚሽኑ ይታሰብለት። ይህ ካልሆነ በአፉ እሺ ብሎ በልቡ ይቀራል፤ ድጋፉም በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል።

ሦስተኛው የትምህርት ድጋፍ ነው። ሠራተኛው ባለእርሻውን ከማነጋገሩ በፊት የእርሻውን ፍላጎት አስልቶ እንዲሄድ ይማር። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለእርሻው 200 ሄክታር ሰሊጥ ዘርቶ በሄክታር 4 ኩንታል ይጠብቃል ቢባል 800 ኩንታል ይሆናል። ጆንያው ኩንታል የሚይዝ ከሆነ 800 ጆንያ ያስፈልገዋል፤ ካምናው የተረፈ 300 ደህና ጆንያ ካለው የሚጎድለው 500 ነው። ካቦውም በዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ስንት ሄክታር እንደ ተዘራና ስንት ጆንያ እንደ ተረፈ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ሠራተኛው ከካቦው ቁጥሩን ተቀብሎ በከተማ ወዳለው ባለእርሻ ይሂድና «500 ጆንያ ይጎድልዎታል፤ ዋጋው ይህ ነው» ይበል። እንዲህ ሲሆን የካቦው ሻይ ከንቱ አይቀርም። በመስከረም ወልካው መሬት ገና ስላልደረቀ ወደ ብዙ እርሻዎች በመኪና መግባት ያስቸግራል፤ ባለእርሻዎቹን በከተማ ማግኘት በዚህም ምክንያት ይመረጣል።

በየሳምንቱ መጨረሻ ኀላፊውና ሠራተኛው ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። መዝገቡ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የተጎበኘው ደንበኛ፣ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው መገኘቱ፣ የቀረበው ዋጋ፣ የተገኘው መልስና የቤቱ ድጋፍ በቀኑ መሰጠት አለመሰጠቱ ይጻፍበት። የመጨረሻው ዐምድ አሠሪውን የሚመዝን ነው። የተገባው ድጋፍ ሳይሰጥ ያለፈ ሳምንት ሁሉ በዕቅዱ ጊዜ ላይ ይጨመር። ይህ ቃል በዕቅዱ ላይ ከሌለ ድጋፉ ሁልጊዜ ለነገ ይተላለፋል፤ የሠራተኛው ቀን ግን ማለፉን አያቆምም።

ለዚህ ለጠረፍ አገር ደግሞ ልዩ አንቀጽ ያስፈልጋል። በመተማና በጋላባት መካከል ያለው መተላለፊያ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን በኩል ተዘግቶ በሐምሌ እንደገና እንደ ተከፈተ እናስታውሳለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ሕይወቱን ለማዳን የወጣ ብዙ ሕዝብ በዚሁ በር ገብቷል፤ የንግዱም መንገድ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እንዲህ ባለ አገር የሚጻፍ ዕቅድ «መተላለፊያው ቢዘጋ ወይም መንገዱ ለደኅንነት የማያስተማምን ቢሆን የዕቅዱ ቀን ይቆማል፤ ሠራተኛውም እንዲጓዝ አይገደድም» የሚል ቃል አስቀድሞ ይኑረው። አስቀድሞ መጻፉ የሚያስፈልገው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ሲጻፍ አንዱ ወገን ሰበብ ሌላው ወገን ጭካኔ ስለሚመስለው ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቁጥር ለመሙላት ብሎ ማንም ሰው ነፍሱን አደጋ ላይ እንዳይጥል ነው።

እንግዲህ የምሳሌያችን ሰው ውጤት እንዴት ሊሄድ እንደሚችል እንመልከት። በመጀመሪያው አራት ሳምንት 14 ጊዜ ዋጋ አቀረበ፤ ግቡን አለፈ። ሽያጩ ግን 3 ሆነ፤ በአንድ ጎደለ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ኀላፊ «አልቻለም» ይል ነበር። መዝገቡ ሲታይ ግን በመጋዘኑ ሸራ አልቆ ሁለት ስምምነቶች ለ9 ቀን ዕቃ ሳይቀርብላቸው ፈርሰዋል። ይህ በአሠሪው ዐምድ ተጻፈ፤ ሠራተኛውም በዚህ አልተወቀሰም።

በሁለተኛው ክፍል 17 ዋጋና 7 ሽያጭ ሆነ፤ ሁለቱም ከግቡ በላይ ናቸው። ነገር ግን መሰብሰብ ከነበረበት 100 ብር የተሰበሰበው 60 ብር ብቻ ነው። ሠራተኛው ሽያጭ ለማብዛት ሲል ቀድሞ የሌላ ዕዳ ላለባቸው ሁለት እርሻዎች በዱቤ ሰጥቷል። ሦስተኛው ግብ የተጨመረው ይህን ለማሳየት ነበርና አሳየ። መፍትሔውም ከአንድ መጠን በላይ የሚሆን ዱቤ ዋስ ተጠርቶ የኀላፊውም ፊርማ ተጨምሮበት ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ሆነ። በሦስተኛው ክፍል 19 ዋጋ፣ 8 ሽያጭና ከ100 ብር 83 ብር ተሰበሰበ። ዕቅዱም ተዘጋ።

መዝገቡ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ የኀላፊው ሥራ ነው። ሠራተኛ በጭንቀት ላይ ሲሆን ያልጎበኘውን ጎበኘሁ፣ ላልጠየቀ ሰውም ዋጋ አቀረብሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ምልክቱ የሚቀርበው ዋጋ እየበዛ ሽያጩ ከቦታው አለመነሣቱ ነው። መከላከያውም በየሳምንቱ ከተጻፉት ደንበኞች ሦስቱን በዕጣ አውጥቶ በስልክ ማነጋገር ነው። ይህም እንደሚደረግ ለሠራተኛው አስቀድሞ ይነገረው፤ ተደብቆ የሚደረግ ምርመራ መተማመንን ያጠፋልና።

በአሠሪውም ወገን የሚፈጸም ሐሰት አለ። ይኸውም ሠራተኛውን ለማሰናበት አስቀድሞ ወስኖ ዕቅዱን ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ብቻ ማዘጋጀት ነው። ይህን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፤ ግቡ በቤቱ ማንም ደርሶበት የማያውቅ ነው፤ ድጋፉ ቀን የለውም፤ የሳምንቱ ስብሰባ ይቀራል፤ የሠራተኛውም መልስ አይጻፍም። ሠራተኛውም ሆነ ጉዳዩን የሚመለከት ሹም እነዚህን ምልክቶች ካየ የወረቀቱን ርእስ ሳይሆን ሥራውን ይመርምር።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ላስረዳ። በኢትዮጵያ በኩል በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ አንቀጽ 28 መሠረት ሠራተኛው የተመደበበትን ሥራ ለመሥራት ችሎታው ቀንሶ ሲገኝ፣ ወይም አሠሪው ያዘጋጀለትን የሥልጠና ዕድል ባለመቀበሉ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ለማግኘት ባለመቻሉ ሥራውን መቀጠል ሲያቅተው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። የችሎታው መቀነስም በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መረጋገጥ አለበት። ማስጠንቀቂያው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ የአንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ የሦስት ወር ነው። እንግዲህ በሚገባ የተያዘ ዕቅድ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ማስረጃ ይሆናል፤ ሥልጠናው ካልተሰጠ ግን አሠሪው የሚያሳየው የለውም። በገዳሪፍ በኩል የተቀጠሩ ወገኖቻችን የሚተዳደሩት በሱዳን የሥራ ሕግ ነውና ይህን አንቀጽ በዚያ ሊጠቅሱት አይችሉም። ይሁን እንጂ በዐረብኛ የተጻፈ ዕቅድ ሲቀርብላቸው በሚያውቁት ቋንቋ ሳይነበብላቸው እንዳይፈርሙና ቅጂውንም እንዲቀበሉ እመክራቸዋለሁ።

ዕቅዱ ሲያበቃ ውሳኔው ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። ግቡ ከተሞላ ዕቅዱ በጽሑፍ ይዘጋል፤ ኀላፊው ግን ለሦስት ወር ያህል እነዚያኑ ሦስት ቁጥሮች በወር አንድ ጊዜ ይመለከታል፤ ድጋፉ ሲነሣ ወደ ቀድሞው የሚመለስ ሰው አለና። ከግቡ አብዛኛው ተሞልቶ ጥቂት ከቀረ ጊዜው አንድ ጊዜ ብቻ ለአራት ሳምንት ይራዘም። ድጋፉ ሁሉ በቀኑ ተሰጥቶ ቁጥሩ ካልተነሣ ግን ማራዘሙ ለሠራተኛውም ደግነት አይደለም። ሰውየው ለሽያጭ ባይሆን ለመጋዘን ወይም ለሒሳብ ሥራ ይሆን እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ፤ ይህ ካልተገኘ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያው ይሰጠው። የሚሰናበት ሰው ቢሆንም እንኳ ከሥራው የትኛው ደረጃ እንደ ጎደለው አውቆ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ቅጥርም ይህ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻ ከምሳሌያችን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የዋጋው ሥልጣን ደብዳቤ ለአንዱ ሰው ሲባል የተጠየቀ ነበር፤ ለሦስቱም ሠራተኞች ሲሰጥ ግን የሁለቱ ቀን መጠበቅ ቀረ፤ ባልደረቦቹም በልማድ የነበራቸው ፈቃድ ግልጽ ሆነ። አሠሪው የአንዱን ሠራተኛ ጉድለት ደረጃ በደረጃ ሲቈጥር የራሱን ቤት ጉድለት ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው ሰው ነገ ጠዋት ማሰናበቻ ከመጻፉ በፊት የሁለት ወሩን መዝገብ ይግለጥና ጉብኝቱን፣ የቀረበውን ዋጋ፣ ሽያጩንና የተሰበሰበውን ገንዘብ በአራት ዐምድ ይቊጠር።